የድጋፍ ቦቱ ሲሳሳት፦ ፋይን-ቱኒንግ፣ ፕሮምፕት ወይስ ፍለጋ?

አንድ አነስተኛ ድርጅት የደንበኛ ድጋፍ ቦት አስነስቶ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቅሬታ መምጣት ይጀምራል። ቦቱ አንዱን ጥያቄ ግሩም አድርጎ ይመልሳል፣ ቀጣዩ ላይ ያሳፍራል። ያኔ ከቡድኑ አንዱ «ሞዴሉን በራሳችን ዳታ ማሠልጠን አለብን» ይላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ችግሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈታ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

በእጃችሁ ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው። ፕሮምፕት ማለት በእያንዳንዱ ንግግር መጀመሪያ ላይ ለሞዴሉ የሚሰጠው መመሪያ ነው። ፍለጋ ወይም ሪትሪቫል ደግሞ ከሰነዶቻችሁ ውስጥ ለጥያቄው የሚሆነውን ቁራጭ አውጥቶ ከጥያቄው ጋር ለሞዴሉ ያቀርባል። ፋይን-ቱኒንግ ከሁለቱም ይለያል። ምሳሌዎችን ሰጥታችሁ የሞዴሉን የውስጥ ቁጥሮች ትለውጣላችሁ።

ሦስተኛው በአንድ ወቅት የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ነበር። በ2021 ሎራ የተባለው ዘዴ ከመጣ ወዲህ ግን ዋናውን ሞዴል ሳይነኩ ትንሽ ተጨማሪ ክፍል ብቻ ማሠልጠን ስለሚቻል ወጪው በጣም ወርዷል። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ጥያቄ አቅም አይደለም። ፋይን-ቱኒንግ ምን ያስተምራል፣ ምንስ አያስተምርም የሚለው ነው።

አመላለስን በደንብ ያስተምራል። በምን ቃና ይናገር፣ ምን ያህል ያሳጥር፣ መልሱን በምን ቅርጽ ያውጣ፣ መልእክቱን በየትኛው ምድብ ይመድብ። መረጃ ማስያዝ ላይ ግን ደካማ ነው። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሞዴሎች ከዚህ በፊት የማያውቁትን መረጃ በፋይን-ቱኒንግ ሲማሩ ቀስ ብለው እንደሚይዙት፣ ሲይዙት ደግሞ የመቀባጠር ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። ሌላም ችግር አለ። የዋስትናው ጊዜ ከ12 ወር ወደ 24 ወር ቢቀየር ሰነድ ላይ አንድ መስመር ታርማላችሁ፣ አለቀ። ሞዴሉ ውስጥ የገባውን «12 ወር» ግን ገብታችሁ መሰረዝ አትችሉም።

መጀመሪያ ስህተቱን ለዩ

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። የቤት ውስጥ የውሃ ማጣሪያና መለዋወጫ በኢንተርኔት የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ሰነዶቹ ተደምረው 40 ገጽ ይሆናሉ፦ የአጠቃቀም መመሪያ፣ የመመለሻ ደንብ፣ ዋስትና፣ የማድረሻ ሁኔታ። ቦቱ የአንድ ገጽ ፕሮምፕትና ቀላል ፍለጋ አለው።

የመጀመሪያው ሥራ 100 ንግግሮችን በዕጣ አውጥቶ ማንበብ ነው። ቅሬታ የቀረበባቸውን ብቻ አትምረጡ። ብዙ ደንበኛ የተሳሳተ መልስ አግኝቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ ስህተት መሆኑንም አያውቅም። የሚያነበው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ይሁን። ፕሮግራመሩ ብቻውን ቢያነብ አቀማመጡ ያማረ የተሳሳተ መልስ ያልፈዋል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ይህን ሙከራ አድርጉ። ትክክለኛው መልስ ያለበትን አንቀጽ ራሳችሁ ከሰነዱ ፈልጉ። አንቀጹን በእጃችሁ ከጥያቄው ጋር ለሞዴሉ ስጡትና እንደገና ጠይቁት። መልሱ ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ ሦስት ጊዜ ያህል ድገሙት። አንቀጹ ጭራሽ ከሌለ የጎደለው ሰነድ ነው። አንቀጹን ስትሰጡት በትክክል ከመለሰ ችግሩ ፍለጋው ነው። አንቀጹ ፊቱ ተቀምጦ አሁንም ከተሳሳተ ደግሞ ችግሩ ፕሮምፕቱ ወይም ሞዴሉ ራሱ ነው።

ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው፣ አሰልቺም ነው። እኔ ግን ይህን ሳያደርግ ስለ ፋይን-ቱኒንግ ከሚነጋገር ቡድን ጋር አልከራከርም፤ ሁለታችንም የምናወራው በግምት ነውና።

በምሳሌው ድርጅት ከ100ው 40 ንግግር ስህተት ወጣበት እንበል። 9 ጥያቄዎች መልሳቸው ሰነድ ላይ የለም። 7ቱ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» የሚሉ ናቸው። 14ቱ መልሳቸው ሰነዱ ላይ አለ፣ ፍለጋው ግን አላገኘውም። 6ቱ ላይ ትክክለኛው አንቀጽ ቀርቦ ሞዴሉ ደንቡን አዛብቶታል። የቀሩት 4 መልሶች ትክክል ሆነው የተንዛዙ ወይም ቃናቸው የማይሆን ነው።

እስኪ ከእነዚህ 40ዎቹ ስንቱን ፋይን-ቱኒንግ ሊነካ እንደሚችል ተመልከቱ። የመጨረሻዎቹ 10 ብቻ ናቸው፣ እነሱም በርካሽ መንገድ ካልተፈቱ።

ሰነድ የሌላቸው 9ኙ መፍትሔያቸው መጻፍ ነው። «ማጣሪያው ጨዋማ ውሃ ላይ ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ነባሩ ሠራተኛ በቃሉ ያውቀዋል፣ የጻፈው ግን የለም። የዕቃው ጉዞ ደግሞ በየሰዓቱ የሚለወጥ መረጃ ነው። ሰነድም ሥልጠናም አያውቀውም። ቦቱ ከትዕዛዝ መመዝገቢያው ጋር ተገናኝቶ ቁጥሩን ሲቀበል ራሱ ማየት አለበት። መረጃውን ከመናገሩ በፊት የትዕዛዝ ቁጥሩንና የስልክ ቁጥሩን እንዲያመሳክር አድርጉት፣ አለዚያ የአንዱን ትዕዛዝ ለሌላው ይናገራል።

አሥራ አራቱ፦ ፍለጋው ለምን ይስታል?

ትልቁ ክምር ይህ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። በምሳሌያችን ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ኮድ ነው። ደንበኛው «MF-204 ላይ የሚገጠም ካርትሪጅ» ይላል፣ ቦቱ የ«MF-240»ን ያቀርባል። ብዙ ቦት የሚጠቀመው ፍለጋ ጽሑፍን ወደ ቁጥሮች ቀይሮ በትርጉም የሚቀራረበውን የሚያወጣ፣ ኢምቤዲንግ የሚባለው ነው። «ውሃው ይሸታል» እና «የመጥፎ ሽታ መፍትሔ» እንደሚገናኙ ያውቃል። ሁለት ተመሳሳይ ኮዶችን መለየት ላይ ግን ይደናበራል፤ በትርጉም ሲታዩ ሁለቱም ያው ማጣሪያ ናቸው። መድኃኒቱ የድሮውን የቁልፍ ቃል ፍለጋ ጎን ለጎን አስኪዶ የሁለቱን ውጤት ማዋሃድ ነው። የቁልፍ ቃል ፍለጋ ፊደል በፊደል ስለሚያመሳስል ኮድ አያምታታም።

ደንበኞቻችሁ በግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ከሆነ ግን ከማመሳሰሉ በፊት ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጧቸው። «ፀሐይ» ብሎ የተጻፈውን ሰነድ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ሁለተኛው ምክንያት ተከታይ ጥያቄ ነው። ደንበኛው ስለ አንድ ማጣሪያ ሲጠይቅ ቆይቶ «ለሱስ ዋስትናው ስንት ነው?» ይላል። ሰው «ለሱ» ማን እንደሆነ ያውቃል። ፍለጋው ግን የደረሰው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያገኘውን የዋስትና አንቀጽ ያነሳል። ከመፈለግ በፊት ሞዴሉ ራሱ የንግግሩን ታሪክ አይቶ ጥያቄውን «የ MF-204 ዋስትና ስንት ጊዜ ነው?» ብሎ እንዲጽፈው አድርጉ። አንድ ተጨማሪ የሞዴል ጥሪ ይጠይቃል፣ መልሱም ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ያዋጣል።

ሦስተኛው የሰነዱ አቆራረጥ ነው። ሰነዱ በጭፍን በየ500 ፊደሉ ከተቆረጠ ሠንጠረዡ ከርዕሱ ይለያያል። አንድ ቁራጭ ላይ «6 ወር» ተብሎ ይቀራል። የምኑ 6 ወር? አይታወቅም። በርዕስ በርዕሱ ቁረጡ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ አናት ላይም የምርቱንና የክፍሉን ስም ጻፉ።

የፍለጋ ደስ የሚለው ነገር ለብቻው መለካቱ ነው። የጥያቄዎች ዝርዝር አዘጋጁ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ትክክለኛውን ቁራጭ ጻፉ። ከዚያ ፍለጋው ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ 5 ውስጥ ትክክለኛው አለ ወይስ የለም ብላችሁ ቁጠሩ። ሞዴሉን መጥራት ስለማያስፈልግ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መድገም ይቻላል። ከ100 ጥያቄ በ60ው ብቻ ትክክለኛው ቁራጭ ከተገኘ ለቀሩት 40 የትኛውም ፕሮምፕት፣ የትኛውም ሥልጠና አይደርስላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ አለ። 40 ገጽ ብዙ አይደለም። ሞዴሎች ጽሑፍን የሚቆጥሩት ቶክን በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ነው። ዛሬ ያሉ ብዙ ሞዴሎች ከ100,000 ቶክን በላይ በአንዴ ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ፍለጋውን ትታችሁ ሰነዱን በሙሉ ፕሮምፕቱ ውስጥ ማስገባት ትችሉ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ከላቲኑ የበለጠ ቶክን ስለሚበላ በግምት አትሂዱ፣ በሞዴሉ የቶክን መቁጠሪያ ቁጠሩት። ብዙ አቅራቢዎች የማይለወጠውን የፕሮምፕት መጀመሪያ አስቀምጠው በቅናሽ ያስከፍላሉ። በቋሚነት ባትጠቀሙበትም እንኳ ለአንድ ቀን ሞክሩት። ሰነዱ በሙሉ ሲገባ ስህተቱ ከቀነሰ ጥፋተኛው ፍለጋው እንደነበር ሌላ ማስረጃ አገኛችሁ።

ስድስቱ፦ አንቀጹ ፊቱ እያለ ሲሳሳት

የድርጅቱ ደንብ እንዲህ ነው እንበል። ያልተከፈተ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ብልሽት ያለበት በ30 ቀን። ውሃ የነካ ካርትሪጅ ብልሽት ከሌለበት አይመለስም። ቦቱ ግን ለሁሉም «በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላሉ» ይላል። አንቀጹን አንብቦታል፣ የትኛው መስመር ለዚህ ደንበኛ እንደሚሠራ ግን አልጠየቀም።

እዚህ ብዙ ሰው ፕሮምፕቱ ላይ «በጥንቃቄ መልስ» ብሎ ይጨምራል። ምንም አይለውጥም። የሚሠራው ቅደም ተከተሉን መንገር ነው፦

```
ደንበኛው ዕቃ ስለ መመለስ ሲጠይቅ፦
1. ዕቃው ተከፍቶ እንደሆነና ብልሽት እንዳለበት
   ካልተናገረ መጀመሪያ ይህን ጠይቅ።
2. ከዚያ ለእሱ የሚሆነውን አንድ ደንብ ብቻ ንገረው።
3. ደንቡ ጉዳዩን የማይሸፍን ከሆነ አትገምት፤
   ወደ ሠራተኛ አስተላልፍ።
```

ከዚህ ጋር ሁለት ሦስት የተሟሉ የንግግር ምሳሌዎች ጨምሩ። አንዱ ቦቱ ተመልሶ የሚጠይቅበት፣ አንዱ ወደ ሠራተኛ የሚያስተላልፍበት ይሁን። የተንዛዙት 4 መልሶችም በዚሁ መንገድ ይስተካከላሉ። «አጭር መልስ» ከማለት «ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ» ብሎ አጭር ምሳሌ ማሳየት ይሻላል።

ፕሮምፕትም ግን ገደብ አለው። ቅሬታ በመጣ ቁጥር አንድ መስመር የሚጨመርበት ፕሮምፕት በወራት ውስጥ እርስ በርሱ መጣላት ይጀምራል። ላይኛው መስመር «ሁሌም አማራጭ ምርት አቅርብ» ይላል፣ ታችኛው «ያልተጠየቀ ነገር አትናገር»። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ከማንኛውም ለውጥ በኋላ የተበላሸውን አንድ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የጥያቄ ስብስብ አስኪዱ።

ታዲያ ፋይን-ቱኒንግ መቼ?

ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚደጋገም ስህተት ካለ፣ ስህተቱም የአመላለስ እንጂ የመረጃ ካልሆነ፣ ያኔ ጥያቄው እውነተኛ ይሆናል። በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ እኔ መጀመሪያ የምመርጠው ቦታ ግን መልስ መጻፉ አይደለም። መልእክት መመደቡ ነው።

የምሳሌው ድርጅት ሠራተኞች ለዓመታት እያንዳንዱን መልእክት በ12 ምድብ ሲመዘግቡ ቆይተዋል እንበል። ዋስትና፣ ገጠማ፣ የመለዋወጫ ጥያቄ፣ ክፍያ ወዘተ። «ማጣሪያው ከገጠምኩት በኋላ ያፈሳል» የሚለው ወደ ገጠማ ይሄዳል ወይስ ወደ ዋስትና? ሠራተኞቹ የራሳቸው ልማድ አላቸው። ይህን ሁሉ በፕሮምፕት ለማስረዳት ብትሞክሩ ገጽ ይሞላል። ምሳሌዎቹ ግን ምልክት ተደርጎባቸው ተቀምጠዋል፣ ምድቦቹ ቶሎ ቶሎ አይለወጡም፣ ውጤቱም ትክክል ወይም ስህተት ተብሎ በቀላሉ ይቆጠራል። ትንሽ፣ ርካሽና ፈጣን ሞዴል በጥቂት መቶ የተጣሩ ምሳሌዎች ሠልጥኖ እዚህ ላይ ረጅም ፕሮምፕት ከሚያነብ ትልቅ ሞዴል ጋር ሊፎካከር ይችላል።

ወጪ ለመቀነስ ብሎ ማሠልጠንስ? ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 300 ንግግር፣ በእያንዳንዱ 4 ጥሪ፣ በአንድ ጥሪ 3,000 የግቤት ቶክን ቢሆን በቀን 3.6 ሚሊዮን ቶክን ነው። ከ3,000ው 1,200 መመሪያ፣ ቀሪው ከሰነድ የመጣ ቁራጭና የንግግር ታሪክ ነው እንበል። ፋይን-ቱኒንግ መመሪያውን ወደ 200 ቢያወርደው በቀን 1.2 ሚሊዮን ቶክን ይተርፋል። የሰነዱ ቁራጭ ግን አይቀርም፣ ዋጋና ደንብ አሁንም መነበብ አለበት። የሚተርፈውን በአገልግሎት ሰጪያችሁ ታሪፍ አባዙት፣ የማይለወጥ ፕሮምፕት ቅናሽንም አስቡበት። ከዚያ ምሳሌ ለማዘጋጀት ከሚሄደው የሰው ሰዓት ጋር አስተያዩት። በዚህ መጠን ላይ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ንግግሩ በአሥር እጥፍ ሲያድግ እንደገና አስሉት።

ለመልስ መጻፍ ማሠልጠን ከወሰናችሁ ትልቁ ወጥመድ የቆየው የንግግር መዝገብ ነው። «ዝግጁ ዳታ አለን» ተብሎ እንዳለ ይጫናል። በውስጡ ያለፈው ዓመት ደንብ አለ፣ የደንበኞች ስምና ስልክ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሠራተኛው የሚገባው ቃል ነው። «ላጣራና እደውልልዎታለሁ» የሚል መልስ መቶ ጊዜ ያየ ቦት እሱም እንደዚያው ይላል። አይደውልም እንጂ። ደንበኛው ስልኩን ይዞ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ የምሳሌው ቅርጽ ነው። ቦቱ ሥራ ላይ ሲሆን ጥያቄውን ከሰነድ ቁራጭ ጋር ነው የሚያገኘው። ሥልጠናው ላይ ጥያቄና መልስ ብቻ ከሰጣችሁት ከትውስታው መመለስን ይማራል፣ የቀረበለትን ቁራጭ ችላ ይላል። ስለዚህ ምሳሌው ልክ እንደ እውነተኛው ሥራ ይሁን፦

```
{"messages": [
 {"role": "system", "content": "ከተሰጠህ ሰነድ ብቻ መልስ።"},
 {"role": "user", "content": "ሰነድ፦ MF-204 ዋስትና 24 ወር።\nጥያቄ፦ MF-240 ዋስትናው ስንት ነው?"},
 {"role": "assistant", "content": "የ MF-240 መረጃ አላገኘሁም፤ ወደ ሠራተኛ ላስተላልፍዎት።"}
]}
```

ለንባብ እንዲመች በመስመር ከፋፈልኩት እንጂ በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ምሳሌ አንድ መስመር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሆን ብዬ ሰነዱ መልስ የሌለበትን ምሳሌ ነው የመረጥኩት። እንዲህ ዓይነት ምሳሌ ከሌለ ሞዴሉ ለሁሉም ጥያቄ መልስ አለ ብሎ ይማራል።

ውጤቱን ስትለኩ ለሥልጠና ያልተጠቀማችሁባቸውን ጥያቄዎች ተጠቀሙ፣ ትንሽ ልዩነትም አያስደስታችሁ። 100 ጥያቄ ላይ 80 ትክክል ከመጣ በአጋጣሚ ብቻ ወደ 8 ነጥብ ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ ይችላል። ከ80 ወደ 84 ማለፉ ማሻሻል ላይሆን ይችላል። ይልቅ የትኞቹ ጥያቄዎች ከስህተት ወደ ትክክል፣ የትኞቹስ ከትክክል ወደ ስህተት እንደዞሩ አንድ በአንድ እዩ። ሥልጠናው ድሮ ይችለው የነበረውን ሊያስረሳው ስለሚችል በሌላ ቋንቋ የመጡ መልእክቶችንና ወደ ሠራተኛ መተላለፍ የነበረባቸውን ለብቻ ፈትሹ።

የሠለጠነው ሞዴል ከመሠረቱ ሞዴል ጋር የታሰረ ነው። አቅራቢው መሠረቱን ከአገልግሎት ሲያወጣ ሥልጠናው በአዲሱ ላይ እንደገና ይጀመራል። ፕሮምፕትና ሰነድ ግን በጥቂት ማስተካከያ ወደ ሌላ ሞዴል ይሻገራሉ። ስለዚህ የሥልጠናውን ፋይልና የመለኪያ ጥያቄዎቹን በራሳችሁ ዘንድ አስቀምጡ፣ ያልሠለጠነውንም ስሪት አታጥፉት። በመልእክት ምደባው ከጀመራችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱንም ስሪቶች በአንድ መልእክት ላይ አስኪዱ፣ የተለያየ ምድብ የሰጡባቸውን መልእክቶች ብቻ ሰው ይያቸው።